የ12 ሳምንት የሩጫ ኪሎ ሜትር እንዴት ይደመራል? በየሳምንቱ 10 በመቶ እየጨመሩ፣ ግን በጥንቃቄ

"አሁን በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። በየሳምንቱ 10 በመቶ ብጨምር በ12ኛው ሳምንት የት እደርሳለሁ? ድምሩስ ስንት ይሆናል?"

ይህ ጥያቄ በተለይ ነሐሴ ላይ፣ ሰዉ ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ጫማውን ሲያወጣ፣ ይደጋገምብኛል። ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ መልሱን ራሳቸው ሠርተው ይመጣሉ። ችግሩ መልሳቸው አንድ አይደለም። አንዱ 42 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ሌላው 57፣ ሌላው ደግሞ 10 በመቶን በ12 አባዝቶ 44 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ አንዴ በዝርዝር ልጻፈውና የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላክ።

አጭሩ መልስ ይኼ ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር ተነስታችሁ ሳታቋርጡ 10 በመቶ ከጨመራችሁ 12ኛው ሳምንት 57 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ የ12ቱ ሳምንት ድምር ደግሞ 428 ገደማ። በጥንቃቄ፣ ማለትም የቅነሳ ሳምንት እያስገባችሁ ከሄዳችሁ ከፍተኛው ሳምንት 34፣ ድምሩ 306.5 ኪሎ ሜትር ነው። ከታች የማሳያችሁ ሁለተኛውን ነው። ለ10 ኪሎ ሜትር ውድድር 34 ከበቂ በላይ ነው፤ 57 ለብዙ ሰው አያስፈልግም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለፉት 4 ሳምንታት የሩጫ መዝገብ። ስልክ ላይ ያለ መተግበሪያ፣ ሰዓት ወይም ማስታወሻ ደብተር ሊሆን ይችላል።
- ርቀት የምትለኩበት አንድ መሣሪያ። አንድ ብቻ፤ ምክንያቱ ደረጃ 3 ላይ አለ።
- ኤክሴል ወይም ጎግል ሺትስ። ከሌለ ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል።
- በየእሑዱ ማታ ለመመዝገብ 5 ደቂቃ።

ከመጀመራችሁ በፊት

10 በመቶ ጣሪያ እንጂ ግብ አይደለም። ከጉዳት ያድናል የሚል ዋስትናም የለውም። በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ከተማ በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት 532 ጀማሪ ሯጮች ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን በ10 በመቶ እየጨመረ በ13 ሳምንት፣ ሌላው ፈጠን ባለ ፕሮግራም በ8 ሳምንት ተዘጋጅቶ ነበር። በሁለቱም ቡድን ከመቶው 20 ያህሉ ተጎዱ። ስለዚህ ቁጥሩን የምንጠቀምበት ከመጠን በላይ እንዳንሮጥ የሚያግደን ልጓም አድርገን ነው እንጂ፣ "ሕጉን ጠብቄያለሁ" ብለን ሕመምን ችላ ለማለት አይደለም።

በሳምንት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች የምትሮጡ ከሆነ ይህ አሠራር ገና አይመቻችሁም። የ8 ኪሎ ሜትር 10 በመቶ 800 ሜትር ነው፤ እሱን ለአራት ቀን መከፋፈል ቀልድ ነው። መጀመሪያ ሩጫና እርምጃ እያፈራረቃችሁ ሳምንቱን ወደ 12 እና 15 አድርሱት። በሌላ በኩል በሳምንት 80 ለሚሮጥ ሰው 10 በመቶ 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ማለትም አንድ ሙሉ ተጨማሪ ሩጫ። ለእሱ በዛ። አሠራሩ የሚሠራው ለመሃለኛው ሯጭ ነው።

በቅርቡ አጥንት ወይም ጅማት ላይ ጉዳት ደርሶባችሁ ከሆነ የመነሻ ቁጥሩን ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይንገራችሁ።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን መነሻ ቁጥር ያዙ

ያለፉትን 4 ሳምንታት ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ለምሳሌ የአንድ ሰው መዝገብ 18፣ 25፣ 16 እና 21 ኪሎ ሜትር ቢሆን ድምሩ 80፣ መነሻው 20 ነው። ከዚህ በኋላ የምንሠራው ሁሉ በዚህ ሰው ቁጥር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ነው። ጥሩውን ሳምንት፣ 25ቱን፣ መነሻ ያደርገዋል። "አንዴ ሮጬዋለሁ፣ ስለዚህ እችለዋለሁ" ነው ነገሩ። ግን ሰውነቱ የለመደው 20 ነው። ከ20 ወደ 25 መዝለል ደግሞ ገና ከመጀመሩ በፊት የ25 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ 10 በመቶ የሚሰላው በተጋነነው ቁጥር ላይ ይሆናል፣ ስህተቱም ሳምንት በሳምንት አብሮ ያድጋል።

ምንም ያልሮጣችሁበት ሳምንት ካለ ዜሮ ብላችሁ አስገቡት። አትዝለሉት። ያ ዜሮ እውነት ነው፣ እግራችሁም ያውቀዋል።

ደረጃ 2፦ ሳምንቱ መቼ እንደሚጀምር ወስኑና አትቀይሩ

ሰኞ ጀምሮ እሑድ ማለቁ ይሻላል። አብዛኛው ሰው ረጅሙን ሩጫ እሑድ ጠዋት ስለሚሮጥ ሳምንቱ በእሱ ይዘጋል። ስትራቫም የሚቆጥረው ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። ሰዓታችሁ ሳምንቱን ከእሑድ የሚጀምር ከሆነ ግን የእሑዱ ሩጫ ወደ ቀጣዩ ሳምንት ይሄድባችኋል፣ የሁለቱ ቁጥርም አይገናኝም። የሰዓቱ መተግበሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ ወደ ሰኞ ቀይሩት።

በኢትዮጵያ ቀን ለምትመዘግቡ አንድ ነገር ልጨምር። ለኅዳሩ ሩጫ 12 ሳምንት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ትደርሳላችሁ፣ ስለዚህ ጳጉሜን መሃል ላይ ትገባለች። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ አንዳንዴ 6። እሷን እንደ አንድ ሳምንት የሚቆጥር አለ፤ ከዚያ "ይህ ሳምንት ቀነሰብኝ" ይላል። ቀኑን በቁጥሩ አትከተሉ። ሰኞ ከሰኞ፣ እሑድ ከእሑድ ብላችሁ ተከተሉ፤ ያኔ ወሩ ቢቀየር፣ ዓመቱ ቢቀየር ድምሩን አይነካውም።

ደረጃ 3፦ ምን እንደሚቆጠርና በምን እንደሚለካ ወስኑ

የሮጣችሁት ሁሉ ይቆጠራል። የማሟሟቂያ ሶምሶማም፣ ከፍጥነት ልምምድ በኋላ ያለችው ዘና ያለች 1 ኪሎ ሜትርም። እግር መሬት የመታበት ነገር ሁሉ ለአጥንትና ለጅማት ሥራ ነው፤ "ማሟሟቂያ ስለሆነ" አይቀንስም። ሁለት ቀን የ1.5 ኪሎ ሜትር ማሟሟቂያ ሳይቆጠር ቢቀር 3 ኪሎ ሜትር ነው። ለ20 ኪሎ ሜትር ሳምንት ይህ 15 በመቶ ነው፣ ከምትጨምሩት ይበልጣል።

የእግር ጉዞ፣ ብስክሌት፣ ቅዳሜ ከሰፈር ልጆች ጋር የምትጫወቱት ኳስ በዚህ ድምር ውስጥ አይገቡም። ኳሱን በጎን ማስታወሻ ያዙለት፤ ምክንያቱም ሰኞ እግራችሁ ለምን እንደከበደ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

መለኪያውን በተመለከተ፣ ስልክም ሰዓትም ፍጹም አይደሉም። ረጃጅም ሕንፃ መካከልና ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ጂፒኤስ ይስታል። ይሄ ብዙ አያሳስብ። ሰዓታችሁ ሁልጊዜ 3 በመቶ የሚያበዛ ከሆነ ያለፈውንም የመጪውንም ሳምንት እኩል ያበዛዋል፣ የጭማሪው መጠን ሳይዛባ ይቀራል። የሚያበላሸው መሃል ላይ መሣሪያ መቀየር ነው። አምስት ሳምንት በስልክ ለክታችሁ ስድስተኛውን በአዲስ ሰዓት ከለካችሁ፣ ጭማሪው የእግራችሁ ይሁን የመሣሪያው አታውቁም። የግድ ከሆነ አንድ ሩጫ ላይ ሁለቱን አብራችሁ ያዙና ልዩነቱን እዩ። ሁለቱም ወደ አንድ መተግበሪያ የሚልኩ ከሆነ ግን አንዱን ሰርዙ፤ ካልሆነ ያው ሩጫ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ሳምንቱ ያብጣል።

አሜሪካ ያላችሁ በማይል መሥራት ትችላላችሁ፣ ፐርሰንቱ አንድ ነው። 1 ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። ብቻ አታቀላቅሉ፤ ሰንጠረዡ በኪሎ ሜትር ሆኖ ትሬድሚሉ በማይል የሚያሳይ ከሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት ለውጡት።

ደረጃ 4፦ የ12ቱን ሳምንት ቁጥር አውጡ

ሕጎቹ አራት ናቸው።

ሀ. የጭማሪ ሳምንት ያለፈው ሳምንት ሲባዛ በ1.1 ነው።
ለ. 4ኛው፣ 8ኛውና 12ኛው የቅነሳ ሳምንታት ናቸው። ከእነሱ በፊት ያለው ሳምንት ሲባዛ በ0.8፣ ማለትም 20 በመቶ ይቀነሳል።
ሐ. ከቅነሳ በኋላ ያለው ሳምንት ከቅነሳው በፊት የነበረውን ይደግማል። አይጨምርም።
መ. ቁጥሩ ሲበጣጠስ ወደ ታች፣ ወደ ቅርቡ ግማሽ ኪሎ ሜትር ይጠጋጋል።

ሲሠራ እንዲህ ይሆናል፦

| ሳምንት | ስሌት | የሳምንቱ ኪ.ሜ. | እስካሁን ድምር |
|---|---|---|---|
| 1 | መነሻ | 20 | 20 |
| 2 | 20 × 1.1 | 22 | 42 |
| 3 | 22 × 1.1 = 24.2 | 24 | 66 |
| 4 | 24 × 0.8 = 19.2 | 19 | 85 |
| 5 | 3ኛው ይደገማል | 24 | 109 |
| 6 | 24 × 1.1 = 26.4 | 26 | 135 |
| 7 | 26 × 1.1 = 28.6 | 28.5 | 163.5 |
| 8 | 28.5 × 0.8 = 22.8 | 22.5 | 186 |
| 9 | 7ኛው ይደገማል | 28.5 | 214.5 |
| 10 | 28.5 × 1.1 = 31.35 | 31 | 245.5 |
| 11 | 31 × 1.1 = 34.1 | 34 | 279.5 |
| 12 | 34 × 0.8 = 27.2 | 27 | 306.5 |

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ 12 ሳምንት ውስጥ እውነተኛ ጭማሪ ያለው በስድስቱ ብቻ ነው፦ 2፣ 3፣ 6፣ 7፣ 10 እና 11። ሁለተኛ፣ 10 በመቶው በጭማሪው ላይም ስለሚጨመር መጀመሪያ 2 ኪሎ ሜትር የነበረው ጭማሪ መጨረሻ ላይ 3 ይሆናል። ሳያቋርጥ 11 ጊዜ ሲደጋገም ነው 20 ወደ 57 የሚወጣው፤ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። 42 ብለው የሚመጡት ሰዎች ደግሞ ሁልጊዜ የመጀመሪያዋን 2 ኪሎ ሜትር ነው የሚጨምሩት፤ ያ ሌላ ዓይነት አጨማመር ነው፣ ድምሩም 372 ይሆናል። መጥፎ አይደለም፣ ግን 10 በመቶ አይባልም።

የቅነሳው ሳምንት ለምን አስፈለገ? ልብና ሳንባ ቶሎ ይላመዳሉ። አጥንትና ጅማት ግን ቀስ ብለው ነው የሚጠነክሩት። ስለዚህ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትንፋሻችሁ "ገና ነኝ" ሲል ቅልጥማችሁ ወደኋላ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቅነሳው ለዘገየው ክፍል መድረሻ ጊዜ ይሰጠዋል። ከቅነሳ በኋላ መድገሙም ለዚሁ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ከቅነሳው ማግስት በቀጥታ አዲስ ከፍታ ላይ ይወጣሉ፤ በእኛ ቁጥር ከ19 ወደ 26 ማለት ነው። እኔ አልመክረውም፣ ከአንድ ሳምንት ወደ ቀጣዩ 37 በመቶ ዝላይ ነው። ከ19 ወደ 24ም ዝላይ ነው ትሉኝ ይሆናል። ነው፤ ግን 24ን ከሁለት ሳምንት በፊት ሮጣችሁታል።

ወደ ታች የምናጠጋጋውስ? 24.2ን 24 ማድረግ ምንም አያጎድልም። 28.6ን 29፣ 31.9ን 32 እያላችሁ ወደ ላይ ካጠጋጋችሁ ግን እያንዳንዱ ሳምንት ከ10 በመቶ በላይ ይሆናል፣ በላዩም ላይ ይደራረባል።

ደረጃ 5፦ በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ አስገቡት

የመጀመሪያው ረድፍ ርዕስ ይሁን። A ላይ የሳምንቱ ቁጥር፣ B ላይ ዕቅድ፣ C ላይ በእርግጥ የሮጣችሁት፣ D ላይ እስካሁን ያለው ድምር። 1ኛው ሳምንት 2ኛው ረድፍ ላይ ይውላል፣ ስለዚህ B2 ላይ 20 ጻፉ።

ለጭማሪ ሳምንት B3 ላይ፦

```
=FLOOR(MIN(B2,C2)*1.1,0.5)
```

ይህንኑ ወደ B4፣ B7፣ B8፣ B11 እና B12 ቅዱ። ለቅነሳ ሳምንት B5 ላይ፦

```
=FLOOR(MIN(B4,C4)*0.8,0.5)
```

ወደ B9 እና B13 ይቀዳል። ለድግግሞሽ ሳምንት B6 ላይ የሚከተለውን ጻፉና ወደ B10 ቅዱት፦

```
=MIN(B4,C4)
```

ለድምሩ D2 ላይ ይህን አስገብታችሁ እስከ D13 ጎትቱት፦

```
=SUM($C$2:C2)
```

የሁሉም ነገር ቁልፍ MIN ነው። ከታቀደውና ከተሮጠው ትንሹን ይወስዳል። C ባዶ ከሆነ ዕቅዱን ብቻ ስለሚያይ፣ ገና ሳትሮጡ 12ቱም ሳምንት ተሞልቶ ይታያችኋል። ሮጣችሁ ስትመዘግቡ ደግሞ የቀረው ዕቅድ ራሱን ያስተካክላል። ያልሮጣችሁበትን የመጪ ሳምንት ሴል ባዶ ተዉት እንጂ 0 አትጻፉበት፤ 0 ከጻፋችሁ፣ ሳምንቱ የቅነሳ ካልሆነ በቀር፣ ከዚያ በታች ያለው በሙሉ ዜሮ ይሆናል።

ጀርመንና ሌሎች አስርዮሽን በነጠላ ሰረዝ የሚጽፉ የአውሮፓ አገሮች ያላችሁ፣ ቀመሩ ስህተት ካላችሁ ምክንያቱ የፕሮግራሙ የአገር ቅንብር ነው። እንዲህ አድርጉት፦

```
=FLOOR(MIN(B2;C2)*1,1;0,5)
```

ደረጃ 6፦ ሳምንቱን ወደ ቀናት ከፋፍሉ

እዚህ ላይ የሳምንቱ ድምር ልክ ሆኖ ሰው ይጎዳል። 22 ኪሎ ሜትርን በአራት ቀን መሮጥና 14ቱን እሑድ ብቻ ማራገፍ ሰንጠረዡ ላይ አንድ ነው፣ እግር ላይ ግን አይደለም። ከ5 ሺህ በላይ ሯጮችን የተከታተለ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከጉዳት ጋር ይበልጥ ተያይዞ ያገኘው አንድን ሩጫ በድንገት ማስረዘምን ነው፦ ባለፉት 30 ቀናት ከሮጣችሁት ረጅሙ ከ10 በመቶ በላይ ሲበልጥ። ስለዚህ 10 በመቶውን ለሳምንቱ ብቻ ሳይሆን ለረጅሙ ሩጫም ጠብቁት።

በአራት ቀን ለሚሮጥ ሰው ቀላሉ መንገድ በየጭማሪ ሳምንቱ ረጅሙ ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር መጨመር፣ የተረፈውን ለሌሎቹ ማካፈል ነው። የኛ ሰው 1ኛ ሳምንት ማክሰኞ 4፣ ሐሙስ 5፣ ዓርብ 4፣ እሑድ 7 ይሮጣል። 2ኛው ሳምንት 4.5፣ 5.5፣ 4.5 እና 7.5፣ ድምሩ 22። 3ኛው 5፣ 6፣ 5 እና 8፣ ድምሩ 24። በዚህ አካሄድ 11ኛው ሳምንት ላይ ረጅሙ 10 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ቀሪው 24 ደግሞ 8፣ 9 እና 7 ሆኖ ይከፈላል። ረጅሙ ሩጫ ከሳምንቱ ድምር ሲሶ አካባቢ መብለጥ ከጀመረ ሌሎቹ ቀናት እያጠሩ ነው ማለት ነው።

ዳገት በኪሎ ሜትር አይታይም። ስድስት ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይና ስድስት ኪሎ ሜትር እንጦጦ ላይ ሰንጠረዡ ውስጥ ያው 6 ናቸው፣ ባታችሁ ግን አይስማማም። ፍጥነትም እንደዚሁ። አዲስ ዳገት ወይም የፍጥነት ልምምድ የምትጀምሩ ከሆነ በድግግሞሽ ሳምንት፣ 5ኛው ወይም 9ኛው ላይ ጀምሩ፤ ያኔ ርቀቱ አዲስ አይደለም። ከባሕር ጠለል አካባቢ ካለ ከተማ ለውድድሩ አዲስ አበባ የምትመጡም አየሩ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንዳለ አትርሱ። በደረሳችሁበት ሳምንት ሰንጠረዡ ጨምሩ ቢልም አትጨምሩ።

ደረጃ 7፦ በየእሑዱ መዝግቡ፣ ቀሪውን ሰንጠረዡ ያስተካክል

በተግባር እንየው። የኛ ሰው እስከ 5ኛው ሳምንት እንደታቀደው ሄደ፣ 109 ኪሎ ሜትር። በ6ኛው ሳምንት 26 መሮጥ ሲገባው ጉንፋን ይዞት 21 ብቻ ሮጠ። C7 ላይ 21 ሲጽፍ 7ኛው ሳምንት ከ28.5 ወደ 23 ይወርዳል። ቀጥሎ 18፣ 23፣ 25፣ 27.5 እና 22 ይሆናል። የ12ቱ ሳምንት ድምርም ከ306.5 ወደ 268.5።

"አምስት ኪሎ ሜትር ጎደለብኝ፣ ሠላሳ ስምንት ተቀነሰብኝ!" ብሎ የሚናደድ አለ። ይገባኛል። ግን የጎደለችውን 5 በ7ኛው ሳምንት ላይ ቢለጥፋት 28.5 ላይ 5 ተጨምሮ 33.5 ይሆናል፣ ከሮጠው 21 ጋር ሲነጻጸር 60 በመቶ ዝላይ። ያመለጠ ኪሎ ሜትር አይካካስም። የቀረው በጉዞ ወይም በሥራ ምክንያት ከሆነና እግሩ ደህና ከሆነ፣ ቀድሞ ወደ ለመደው 24 መመለስ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሂድ።

ከዕቅድ በላይ ስትሮጡስ? በ3ኛው ሳምንት 24 ታቅዶ ጓደኛ ጎትቷችሁ 29 ብትሮጡ፣ 29ኙን C ላይ በሐቅ ጻፉ፤ ድምሩ ውስጥ ይገባል። ቀጣዩ ስሌት ግን ከ24 ይነሳል። አንድ የሞቅታ ሳምንት አዲስ መነሻ አይሆንም።

ሙሉ ሳምንት ካመለጣችሁ ዜሮ አስገብታችሁ ቀመሩን አታበላሹ። ከማቆማችሁ በፊት ከነበረው አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ያለውን ቁጥር ወስዳችሁ በሚቀጥለው ሳምንት B ላይ በእጃችሁ ጻፉትና ከዚያ ቀጥሉ። ባዶውን ሳምንት ድምሩ ራሱ ባዶ አድርጎ ያልፈዋል።

አቁሙ የሚሉ ምልክቶች

ሰንጠረዡ ምንም ይበል፣ እነዚህ ካሉ ጭማሪው ይቆማል። የቅልጥም አጥንት ላይ በአንድ ጣት ሲጫኑት አንዲት ቦታ ብቻ ለይታ የምታም ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ ሌሊትም የማይተው ከሆነ፣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫ አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሕመም አረማመዳችሁን ከቀየረ፣ ያን ቀን ሩጫው እዚያው ያብቃ። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት የሚገትራችሁና ይህም ከቀን ወደ ቀን የሚብስ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አትጨምሩ፣ የቅነሳ ሳምንት አድርጉት። ሁለቱም እግር ላይ እኩል የሚሰማ፣ በሁለት ቀን የሚለቅ የጡንቻ መዛል ግን የተለመደ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- 12 ጊዜ መጨመር። 1ኛው ሳምንት መነሻ ስለሆነ ሳያቋርጡ ቢሄዱ እንኳ ጭማሪው 11 ጊዜ ነው።
- ከቅነሳው ሳምንት ላይ 10 በመቶ ማስላት። 19 × 1.1 ሲሆን 20.9 ይመጣል፣ ማለትም 5ኛው ሳምንት ላይ ሆናችሁ ወደ 1ኛው ተመለሳችሁ። ቀመሩን ወደ B6 በስህተት ጎትታችሁት ይሆናል፣ እዩት።
- ዕቅዱን ደምሮ "306.5 ሮጥኩ" ማለት። ድምሩ ከC እንጂ ከB አይወሰድም።
- የቅነሳ ሳምንትን "ጥሩ ስሜት እየተሰማኝ ነው" ብሎ መዝለል። ጥሩ የተሰማችሁ ትንፋሻችሁ ስለለመደ ነው፤ አጥንታችሁ አስተያየት አይሰጥም።
- የውድድሩን ርቀት ከ12ኛው ሳምንት ውጭ ማስቀመጥ። 27ቱ ኪሎ ሜትር የእሑዱን 10 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ስለዚህ ለቀሪው ሳምንት ያላችሁ 17 ነው፦ ማክሰኞ 7፣ ሐሙስ 6፣ ዓርብ 4፣ ቅዳሜ ዕረፍት። መነሻው ቦታ ላይ የምታደርጓት ማሟሟቂያ 1 ኪሎ ሜትር ከሆነች ከዓርቡ ቀንሷት።